የቤቴሉ ቤት ዝምታ

ቤቱን ያየሁት ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ ዕለት፣ ዝናቡ ጥቂት ጋብ ባለበት ሰዓት ነበር። ከጦር ኃይሎች በታክሲ ተሳፍረን ቤቴል ስንደርስ ደላላው መንገዱን አቋርጦ ወደ አንድ ኮብልስቶን ቅያስ አስገባኝና ከአንድ ሰማያዊ በር ፊት አቆመኝ። ባለቤቲቱ ገና ከቅዳሴ አልተመለሱም ነበር። ጊዜው ፍልሰታ ነውና ቅዳሴው የሚያልቀው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ሲመጡ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። «ቆማችሁ ጠበቃችሁኝ፤ ይቅርታ ልጆቼ» አሉና ከፈቱልን።

ሁለት ክፍልና ማድ ቤት ነው፤ ከዋናው ቤት ጎን ለብቻው የተሠራ። የራሱ ቆጣሪ አለው። ውኃ በፈረቃ ቢመጣም ጥግ ላይ ሮቶ ቆሟል። ኪራዩ 15 ሺህ ብር ነው። እኔን የማረከኝ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አልነበረም። ከግቢው በር እስከ ምኝታ ክፍሉ ድረስ አንድም ደረጃ የለም። ስሚንቶው ከበሩ እስከ ደፉ ለጥ ብሎ ይገባል።

እናቴ በመጋቢት ወር ግማሽ አካሏን የያዛት ሕመም ካገኛት ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ሐኪም ቤት በምትቀጠርበት ቀን ሁለት የጎረቤት ልጆች ከነወንበሯ ያወርዷታል፤ ማታ ደግሞ ያወጧታል። እርሷ ዐይኗን ጨፍና ትወርዳለች፣ ዐይኗን ጨፍና ትወጣለች። ውላችን ጳጉሜን ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ስለዚህ ከኪሴ ሜትር አወጣሁ። የወንበሩ ስፋት 66 ሳንቲሜትር ነው። የዋናው በር 90 ሆነልኝ፣ የመጸዳጃው 72። እየለካሁ በወረቀት ስጽፍ ባለቤቲቱ ደጁ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። «ምንድን ነው የምትለካው?» አሉኝ። «የእናቴ ወንበር እንዲገባ ነው፤ በእግሯ አትሄድም» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ አልጠየቁም፤ እኔም ሌላ አልነገርኳቸውም። በሩ ላይ ስንሰነባበት «እስቲ ከልጆቹ ጋር ልነጋገርና እደውልልሃለሁ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ እዚህ ላይ ነበር። «መቼ?» ብዬ አልጠየቅሁም። በእኛ አገር «እደውላለሁ» ቀን ካልተቆረጠለት ቀጠሮ አይደለም፤ መሰነባበቻ ነው። «ሐሙስ ድረስ ካልደወሉልኝ እኔ ልደውል?» ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ የሚቀጥሉት ሰባት ቀናት ሌላ መልክ በኖራቸው ነበር። ቀን አስቀድሞ የለመነ ሰው ኋላ ሲደውል የተፈቀደለትን ያደርጋል፤ ያልለመነ ሰው ሲደውል ግን በየጥሪው ይሉኝታ ይይዘዋል።

ማክሰኞ ቡሄ ነበር። ረቡዕና ሐሙስ የፍልሰታ መጨረሻ፤ ዓርብ ደግሞ ፍቺው። እነዚህን ቀናት እንደ ዝምታ መቁጠር አይገባም ብዬ ራሴን መከርሁ። ቅዳሜ ግን ስልኬን በየደቂቃው ማየት ጀመርኩ። እናቴ አንድም ቀን «ምን አሉ?» ብላ አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋ ከጥያቄ ይከብድ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለደላላው ደወልኩ። ይህ ቅደም ተከተል አስፈላጊ ነው። በሰው እጅ ተመርቶ የገባ፣ መሪውን ሳያሳውቅ ለባለቤቱ ቢደውል ደላላውን ለመዝለል የፈለገ ይመስልበታል፤ ባለቤቲቱም «የደላላውን ሊበላ የመጣ የእኔንስ መቼ ይምራል?» ብለው ያስባሉ። ደላላው ግን «ለእኔም አያነሡም፤ አንተው ሞክር፣ የእኔን አትርሳ እንጂ» አለኝ። ፈቃዱን አገኘሁ። አንድ ነገርም ተረዳሁ። ለእኔ ብቻ አልነበረም ዝም ያሉት።

ማታ መልእክት ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ሦስት ጽፌ ሦስቱንም አጠፋሁ። ያጠፋሁበትን ምክንያት አሁን ሳስበው ከመልእክቶቹ ይልቅ ያ ነው የሚጠቅመው።

የመጀመሪያው «እማማ፣ ምነው ጠፉብኝ?» ይል ነበር። በወዳጅ መካከል ይህ ፍቅር ነው፤ በማያውቋቸው ትልቅ ሴት ላይ ግን ወቀሳ ነው። አላጠፉምና አይወቀሱም።

ሁለተኛው «ዋጋው ከሆነ እንነጋገራለን» ይል ነበር። ይህ ደግሞ ዝምታውን እኔ በፈቀድኩት መንገድ ተረጎመው። ሴትዮዋ ስለ ገንዘብ ያሰቡት ካልነበረ ስስታም አደረግኋቸው፤ ያሰቡት ከነበረም መልስ ሳይሰጡ ዋጋ መጨመርን አስተማርኋቸው።

ሦስተኛው ትንሽ ሕግ የተቀላቀለበት ነበር፤ የሚያሳፍረኝም እርሱ ነው። ሰው ሲጨንቀው ሕግ ይጠቅሳል። ሕጉን ደግሜ ሳየው ግን ከእኔ ጋር አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1682 ላይ ዝምታን እንደ መቀበል አይቆጥርም። ቤት አይቼ «ወድጄዋለሁ» ማለቴ፣ እርሳቸውም ዝም ማለታቸው፣ በመካከላችን ምንም አልፈጠረም። ቀብድ አልሰጠሁም፤ ውል አልጻፍንም። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ለተከራይ ብዙ ጥበቃ ያደርጋል፤ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። ነገር ግን ጥበቃው ተከራይ ለሆነ ሰው ነው። እኔ ገና ቤት አይቶ የሄደ እንግዳ ነኝ።

እንዲያውም አዋጁን ሳስብ የሴትዮዋ ዝምታ ጥቂት ገባኝ። ድሮ አከራይ ተከራይን «ለሦስት ወር እንየው» ብሎ ያስገባ ነበር። አሁን ሲፈርም ለሁለት ዓመት ነው የሚፈርመው። ለሁለት ዓመት አብሮ የሚኖርን ሰው በአምስት ቀን አለመወሰን ንቀት አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው። ለተከራይ የቆመው ሕግ አከራይን ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያስብ ማድረጉ አይቀርም።

በዚህ መካከል ስልኬ ጮኸ፤ መልእክት ነበር። ልቤ ዘለለ። ከቤቴል ግን አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ የምናዘዘው ነገር አለኝ። ቤቴልን ከማየቴ ከሦስት ቀን በፊት ወይራ ሰፈር አንድ ሌላ ቤት አይቼ ነበር። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ቤቱ ደህና ነው፤ ነገር ግን መግቢያው ላይ አንድ ደፍ አለ፣ ግቢውም ይጠብባል። «አስቤ እደውላለሁ» ብያቸው ወጣሁ። ከዚያም ቤቴልን አየሁና ረሳኋቸው። አልረሳኋቸውም እንኳ፤ ሳስታውሳቸው ፊቴን አዞርኩ። «አልፈልገውም» እንዳልል ቤቴል ካልሆነ እፈልገዋለሁ፤ «እፈልገዋለሁ» እንዳልል ቤቴል ቢሆንስ? ስለዚህ ዝም አልኩ። የጻፉልኝ እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ ደህና ሰነበትክ። ቤቱን ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው። የምትፈልገው ከሆነ እስከ ረቡዕ ማታ ላንተ አቆየዋለሁ። ካልፈለግህም ቅር አይለኝም፤ ንገረኝ ብቻ።»

ይህን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። ስምንት ቀን ዝም ያልኳቸው ሰው አንድም የወቀሳ ቃል አልጻፉም። ያፈርኩት በዚህ ነው። ከማፈሬ ጋር ግን ዕረፍት ተሰማኝ። ለምን እንዳረፍኩ ሳስብ፣ እምቢ የምልበትን በር ራሳቸው ስለ ከፈቱልኝ ነበር። እኔ ዝም ያልኩት ስለ ናቅኋቸው አልነበረም፤ «እምቢ» የሚለው ቃል ከአፌ እንዲወጣ ስላልፈለግሁ ነው። የቤቴሏ ሴትም እንደ እኔ ቢሆኑስ? በወይራ ሰፈር እኔ የሆንኩትን በቤቴል እርሳቸው ሆነው ቢሆንስ?

እሑድ ማታ እንደገና ጻፍኩ። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ የስልክ መልእክት አንዱ ቁራጭ 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ በላቲን ቢሆን 160 ነበር። ከዚያ ያለፈው ይቆራረጥና በአሮጌ ስልክ ላይ አንዳንዴ መጨረሻው ቀድሞ ይመጣል። የእማማ ስልክ ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ መሆኑን አይቻለሁ። በላቲን እንዳልጽፍ ደግሞ እርሳቸው በዚያ ፊደል አማርኛ እንደማያነቡ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ማጠር ነበረብኝ። የላክሁት ይህ ነው፦

«እንደምን አመሹ እማማ። ሰኞ ቤቱን ያሳዩኝ፣ ለእናቱ ወንበር በሩን የለካው ልጅ ነኝ። ቤቱን ወደነዋል። ለሌላ ሰጥተውት ወይም ሐሳብዎ ተለውጦ ከሆነም ቅር አይለኝም። እስከ ረቡዕ ካወቅሁ ሌላው ቤት እንዳያመልጠኝ ይረዳኛል። ነገ 4 ሰዓት አንድ ጊዜ እደውላለሁ።»

እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ምክንያት ነበረው። ስሜን አልጻፍኩም፤ ስሜን አያስታውሱትም። ሜትሩን ግን ያስታውሱታል። ፍላጎቴን በአንድ ቃል ተናገርኩ፤ አልለመንኩም። እምቢ የሚሉበትን በር ከወይራው ሽማግሌ ተውሼ ከፈትኩላቸው። ረቡዕን ስጠቅስ የእርሳቸው ግዴታ አድርጌ አይደለም፤ የእኔ ችግር አድርጌ ነው። እውነትም ነበር። ሌላ ቤት ሳይኖር «ሌላ ቤት አለኝ» ማለት ማስፈራሪያ ነው፤ ሲታወቅም ያዋርዳል።

ሰዓቱን ያስታወቅሁትም ያለ ነገር አልነበረም። ትልልቅ ሰዎች የባንኩንና የቴሌውን መልእክት ጋጋታ ስለሰለቹ ብዙ ጊዜ አይከፍቱትም። ካልተነበበ ጥሪው ይተካዋል፤ ከተነበበ ደግሞ ለጥሪው ይዘጋጃሉ። ያልተዘጋጀ ሰው «ኧረ እሺ፣ እናያለን» ብሎ ይሸሻል። በአካል መሄድንም አስቤ ነበር። ተውኩት። ደጃፉ ላይ የቆመን ሰው እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወይ ያልታመነበት እሺታ ይዞ ይመለሳል፣ ወይ የትሕትና ውሸት።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ደወልኩ። እስኪያበቃ ጠራ፤ አልተነሣም። አልደገምኩትም። «አንድ ጊዜ» ብያለሁና አንድ ጊዜ መሆን ነበረበት። ለትልቅ ሰው ሚስኮል እየደራረቡ መተው በር ደብድቦ እንደ መሸሽ ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ራሳቸው ደወሉ።

«ልጄ፣ መልእክትህን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ይህን ጊዜ ዝምታውን ልሞላው ብዬ አንድ ቃል ብናገር የሚቀጥለውን አልሰማውም ነበር።

«ባለቤቴ ያረፈው አምና ነው፤ በዚያ አንተ ባየኸው ክፍል ውስጥ። ዓመት ተኩል ነው ያስታመምኩት። ወንበሩም እንደ እናትህ ያለ ነበር። በሩንም ያሰፋሁት፣ ደረጃውንም ያስፈረስኩት ለእርሱ ነው። አንተ ሜትር ይዘህ ስትለካ…» አላስጨረሳቸውም። ቆይተው ቀጠሉ። «ድንኳን እንደገና በዚህ ግቢ ሲተከል ማየት አልችልም ብዬ ፈራሁ። ይህን ደግሞ በእናቱ ለሚደክም ልጅ እንዴት ይነገራል? ስለዚህ ዝም አልኩ።»

ያን ያህል የተመኘሁት ልስላሴ፣ ያ ደረጃ የሌለው መግቢያ፣ በአጋጣሚ የተሠራ አልነበረም። የመጸዳጃው በር 72 የሆነው አንዲት ሴት ባሏን ስለምታስገባበት ነው። እኔ ቁጥሩን በወረቀት ስጽፍ እርሳቸው ያዩት የነበረውን አላየሁም።

«እማማ፣ እናቴ እንኳ እድሯ አብነት ነው» አልኳቸው። «ሠላሳ ዓመት የኖረችበት ሰፈር ነው፤ አልለቀቀችም። እግዜር ያቆይልኝና፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ድንኳኑ የሚተከለው እዚያ እኅቴ ቤት ነው። ይህን ሰኞ ዕለት ልነግርዎት ይገባኝ ነበር።» ልከራከራቸው ፈልጌ አልነበረም። እውነት ስለሆነ፣ ከውሳኔያቸው በፊት ማወቅ ስለሚገባቸው ነው። ቀጥዬም «ይህንን ሰምተውም እምቢ ቢሉኝ ይገባኛል» አልኩ።

«እስከ ነገ ማታ ስጠኝ» አሉ። ይህ «እደውላለሁ» ቀን ነበረው።

ማክሰኞ ማታ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ደወሉ። እምቢታ ነበር። ውጭ አገር ያለ ልጃቸው እሺ ብሎ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሌሊቱን ወደዚያ ክፍል ገብተው ለመቀመጥ ሞክረው አልቻሉም። «ቤቱን ለማንም አላከራይም፤ ለጊዜው ይቆይ» አሉኝ። አመሰገንኳቸው። የምር ነበር ምስጋናዬ። ረቡዕ ገና አላለፈም።

ወዲያው ለወይራው ሽማግሌ ደወልኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ከዚያ እንደምንፈልገው ነገርኳቸው፤ ከዚያ ስለ እናቴ፣ ስለ ወንበሯ፣ ስለ እድሯ፣ ምንም ሳላስቀር አወራኋቸው። ሁለተኛውን ስሕተት መድገም አልፈለግሁም። «ደፉን ታዲያ እንዴት ልናደርገው ነው?» አሉኝ። ከፍታው 14 ሳንቲሜትር ነው። ወንበር እየተገፋ በምቾት እንዲወጣ አንዱን ቁመት በአሥራ ሁለት እጥፍ ርዝመት ማስተኛት ይመከራል፤ ያ አንድ ሜትር ከ68 ይሆናል። ግቢው ጠባብ ነውና ያገኘነው አንድ ሜትር ከ40 ብቻ ነበር። ትንሽ ቀጥ ይላል፤ ግን አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ይገፋዋል። በጳጉሜን 2 በአሸዋና በስሚንቶ አበጀነው።

እናቴ በጳጉሜን 4 ለመጨረሻ ጊዜ ዐይኗን ጨፍና ከአራተኛ ፎቅ ወረደች። ወይራ ስንደርስ ወንበሯን በአዲሱ ስሚንቶ ላይ ስገፋው «ደረጃው የታለ?» አለችኝ። «የለም» አልኳት። ዐይኗን ገለጠች።

ለእንቁጣጣሽ ከቤቴል ስልክ ተደወለ። ስለ ቤት አልነበረም። «እናትህ እንዴት ናት?» ብለው ለመጠየቅ ነበር። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት፤ ሁለቱ ብዙ አወሩ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅሁም።